ስለ ፈረሰው የአፈር ግድብ፦ አፈሩ በዲስትልድ ውሃ ተፈትኖ ነበር ወይ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አንድ አነስተኛ የአፈር ግድብ ገና በመጀመሪያው ክረምት «ከአቅም በላይ በሆነ ጎርፍ» መፍረሱን የሚገልጸውን ዘገባችሁን አንብቤያለሁ። ከዘገባው ጋር የወጣው ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ የግድቡ አናት ሣሩ እንኳን ሳይነካ፣ ከሥሩ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ዋሻ ተከፍቷል። ጎርፍ የተሻገረው ግድብ መሸርሸር የሚጀምረው ከአናቱና ከጀርባው ነው። በአፈር ላቦራቶሪ ለዓመታት እንደሠራ ሰው፣ ፎቶግራፍ ብቻ አይቼ ባልፈርድም፣ መጀመሪያ የምጠይቀው አፈሩ ተበታታኝ ሸክላ እንዳይሆን ነው።

ተራ ሸክላ ውሃ ሲነካው ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይቆያሉ። በቅንጣቶቹ ላይ የተጣበቀው ሶዲየም ሲበዛ ግን፣ ጨው የሌለበት ውሃ እንደነካቸው አንዱ ሌላውን እየገፋ በየፊናቸው ይንሳፈፋሉ፤ ለዚህም ውሃው መፍሰስ እንኳን አያስፈልገውም። በመሆኑም ደርቆ በተሰነጠቀ ቦታ፣ ወይም መዳመጫ በማይደርስበት የውሃ ማውጫ ቱቦ ዙሪያ፣ ፀጉር የምታክል ክፍተት ብትኖር ውሃው ግድግዳዋን እያሟሟ ያሰፋታል። በአሜሪካ ኦክላሆማ የሚገኘው የዊስተር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1949 ገና ውሃ መያዝ ሲጀምር በውስጡ ያሾለከው በዚህ ዓይነት አፈር ምክንያት መሆኑን መሐንዲሶች ያስረዱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ችግሩ፣ በየፕሮጀክቱ የሚሠሩት የቅንጣት መጠን፣ የፕላስቲሲቲና የጥቅጠቃ ምርመራዎች ይህን ጠባይ አለማሳየታቸው ነው። ቀለምም አይናገርም። ብዙ ባለሙያ መረሬን ስለሚፈራ ቀዩን አፈር ያለ ጥያቄ ይቀበላል፤ ማበጥና መበታተን ግን የተለያዩ ጠባዮች ናቸው።

የመጀመሪያው ፍተሻ ክራምብ የሚባለው የጓል ሙከራ ነው። እርጥበቱ ሳይጠፋ ከመጣው ናሙና 15 ሚሊ ሜትር ጎን ያላት ጓል ተዘጋጅታ 250 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ውስጥ በቀስታ ትቀመጣለች፤ ሳትነካ በ2 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓትና በ6 ሰዓት ትታያለች። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ጓሏ ስትፈርስ ስላየ «ተበታትኗል» ብሎ ሲጽፍ ነው። መታየት ያለበት ውሃው ነው፦ ጓሏ ተንዳ ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ አፈሩ ፈራሽ እንጂ ተበታታኝ አይደለም፤ ተበታታኝ ከሆነ ከጓሏ ዙሪያ የማይዘቅጥ ጭስ መሳይ ደመና ተነሥቶ የብርጭቆውን ወለል ይሸፍናል።

እኔ ራሴ የተታለልኩበትን ልናገር። በአንድ የግንባታ ቦታ ዲስትልድ ውሃ አልቆ ስለነበር ከጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ሞከርነውና ሦስቱም ብርጭቆዎች ጥርት ብለው ዋሉ። በማግሥቱ ከዚያው ናሙና በዲስትልድ ውሃ ስንደግመው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወለሉ አልታይ አለ። የጉድጓዱ ውሃ በውስጡ ባለው ጨው ቅንጣቶቹን አያይዞ ሸፍኖልን ነበር፤ ክረምት ግድቡ ውስጥ የሚገባው ግን ጨው የሌለበት የዝናብ ውሃ ነው።

ደመና ካልታየም ነገሩ አላበቃም፤ በዚህ ሙከራ ሳይታወቁ የሚያልፉ ተበታታኝ አፈሮች ጥቂት አይደሉምና። ስለዚህ ፒንሆል፣ ማለትም የመርፌ ቀዳዳ ሙከራ መከተል አለበት። አፈሩ ግድቡ ላይ በሚጠቀጠቅበት መጠን በአጭር ሲሊንደር ውስጥ ተጠቅጥቆ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ መርፌ ይበሳል፤ ከዚያም ዲስትልድ ውሃ በ50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ግፊት በቀዳዳው ይለቀቃል። ይህ ግፊት አንድ ጣት እንኳን የማይሞላ ነው። አፈሩ ተበታታኝ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ሻይ በወተት መስሎ ይቀጥላል፣ ፍሰቱ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይጨምራል፣ ናሙናው ሲሰነጠቅም ቀዳዳው እጥፍና ከዚያ በላይ ሰፍቶ ይገኛል። ተቋቋሚ ሸክላ ግን ግፊቱ ደረጃ በደረጃ እስከ 1020 ሚሊ ሜትር ቢያድግም ንጹሕ ውሃ ያወጣል፤ መርፌው የበሳውም ቀዳዳ እንደነበረ ይቆያል።

በእነዚህ ሙከራዎች የወደቀ አፈር ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። ከጀርባው በደቃቅ አሸዋ ማጣሪያ ከተደገፈ፣ ወይም በቱቦው ዙሪያና በውጭ ሽፋኑ ላይ በኖራ ከታከመ ግድብ ሊሠራበት ይችላል፤ ይህ የሚወሰነው ግን አፈሩ ከመቆፈሩ በፊት ነው። ስለዚህ ዘጋቢያችሁ ወደ ሥፍራው ሲመለስ የግድቡን ባለቤት ሁለት ነገር እንዲጠይቅልን እለምናለሁ፦ የፒንሆል ውጤቱ የት እንዳለና ሙከራው በምን ውሃ እንደተሠራ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአፈር ምርመራ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ