የሂሳብ ስህተት ሲገኝ ለደንበኛ የሚጻፈው ኢሜይል

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ከእናንተው መካከል አንድ ድርጅት ለደንበኞቹ የላከው የወር ሂሳብ ተዛብቶበት ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የሂሳብ አገልግሎት ቢሯችን መጣ። የጽዳት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ነው። ደንበኞቹ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ቢሮዎች ናቸው። ሂሳቡን ማስተካከሉ ብዙ አላስቸገረንም። የከበደን የይቅርታው ኢሜይል ነበር። ስሙን ሳንጠቅስ እንድናስረዳችሁ ስለፈቀደልን ጉዳዩን ከነቁጥሩ እንንገራችሁ።

ድርጅቱ ከአንድ ቢሮ ጋር የተዋዋለው በወር 20,000 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት ሲደመርበት 23,000 ይሆናል። በጥቅምት ወር ግን የዋጋ ዝርዝሩ ቫትን አካቶ እንደ አዲስ ተጻፈ። ሂሳብ የምትሠራው ልጅ 23,000 የሚለውን ቁጥር ወስዳ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ በሚሞላበት ቦታ አስገባችው። ፕሮግራሙም የታዘዘውን አደረገ፤ 15 በመቶ ጨመረበት። ደረሰኙ ዋጋ 23,000፣ ቫት 3,450፣ ጠቅላላ 26,450 ብሎ ወጣ። ደንበኛው 3,450 ብር ያለአግባብ ከፈለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በትርፍ የተከፈለው 3,450 ብር ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ቫት ጋር እኩል ነው። ቫት በቫት ላይ ሲታሰብ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ መጀመሪያ «ቫቱን እንመልስላችኋለን» ብሎ ሊጽፍ ነበር። እንዲያ ቢጽፍ የደንበኛው ሂሳብ ሠራተኛ ቫቱን በሙሉ ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። ትክክለኛው ቫት 3,000 ብር ግን አሁንም አለ። ተመላሹ 3,450 ብር ሲተነተን 3,000ው የዋጋ ትርፍ፣ 450ው ደግሞ የቫት ትርፍ ነው። ኢሜይሉ ይህንን ለይቶ ካልተናገረ አንዱን ስህተት አርሞ ሌላ ይወልዳል።

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ። ድርጅቱ ሁለት ረቂቅ ይዞ ነበር የመጣው። የመጀመሪያውን የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት፦ «በሲስተም ችግር ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ሁለተኛውን ባለቤቱ ራሱ ሌሊት ተቀምጦ ነው የጻፈው፦ «በቸልተኝነታችን ውላችንን አፍርሰን ላደረስንባችሁ ኪሳራ ሁሉ ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን።»

የመጀመሪያው ማንም ምንም እንዳላደረገ ያስመስላል። ችግሩ ራሱ ተፈጥሮ ራሱ የመጣ ይመስላል። በየቢሮው «ሲስተም የለም» ሲባል የሚውል የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ። ደግሞም እውነት አይደለም። ሲስተሙ አልተበላሸም፤ የተሳሳተ ቁጥር ነው የገባው።

ሁለተኛው ከልብ የመጣ ነው፤ ባለቤቱን እናከብረዋለን። ችግሩ ግን ያላጣራውንም ነገር ጭምር ማመኑ ነው። «ቸልተኝነት» እና «ውል ማፍረስ» ስለሆነው ነገር የሚናገሩ ቃላት አይደሉም። የሆነው ነገር በሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚወስኑ ቃላት ናቸው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ፣ ነገሩ እዚያ ከደረሰ፣ ፍርድ ቤት ነው። «ኪሳራ ሁሉ» የሚለውም እንዲሁ። ማን ምን እንደከሰረ ገና አልታወቀም፤ የከሰረ ሰው መኖሩም አልታወቀም። እንደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ (2006) እና ሆንግ ኮንግ (2017) ያሉ ቦታዎች ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደማመን እንዳይቆጠር የሚከላከል ልዩ ሕግ አውጥተዋል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኛ እዚያ ሕግ ላይ ተማምነን አንጽፍም። እዚህ የጻፋችሁት ኢሜይል ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል ብላችሁ ጻፉ።

ታዲያ ኃላፊነትን እንዴት እንውሰድ? «ኃላፊነት» በአማርኛ ሁለቱንም ይይዛል፤ የሥራ ባለቤትነትንም፣ በሕግ ተጠያቂ መሆንንም። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትተዉት። ኃላፊነቱ የምን እንደሆነ ንገሩት። «ሂሳቡን የሠራነው እኛ ነን፤ የሚያስተካክለውም እኛው ነን» ማለት ይበቃል። ይህ አረፍተ ነገር ከ«ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን» የበለጠ ሰው ሰው ይሸታል፤ ያላጣራችሁትን ጥፋትም እንድታምኑ አያደርጋችሁም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ጥንቃቄው ገንዘቡን ለመመለስ እንድታመነቱ አያድርጋችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 ላይ፣ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። 3,450ው ብር የደንበኛው ነው። «እንደ መልካም ፈቃድ ይመለስልዎታል» የሚል ቃል አትጻፉ፤ ለሰው የራሱን ገንዘብ በስጦታ መልክ መስጠት ያስቀይማል። ገንዘቡን ለመቀበል «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ እንዲፈርም መጠየቅም እንዲሁ ነው። ዝም ብሎ ሊያልፍ የነበረ ደንበኛ እንኳ ያን ወረቀት ሲያይ ጠበቃ ይፈልጋል።

በመጨረሻ የተላከው ኢሜይል ይህ ነው። ርዕሱ «የጥቅምት ወር ሂሳብ ማስተካከያ፦ 3,450 ብር ተመላሽ» ይላል።

«ውድ ደንበኛችን፣

በጥቅምት ወር የላክንልዎ ሂሳብ ትክክል አይደለም። መሆን የነበረበት ቫትን ጨምሮ 23,000 ብር ሲሆን እኛ የጠየቅንዎ 26,450 ብር ነው። ቫት የተካተተበትን ዋጋ እንዳልተካተተበት አድርገን ስለመዘገብን ቫቱ ሁለት ጊዜ ታስቧል። ሂሳቡን የሠራነው እኛ ነን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

3,450 ብሩን ክፍያው በመጣበት የባንክ ሂሳብ እስከ ኅዳር 20 ቀን እንመልሳለን። ከዚህም ውስጥ 3,000 ብሩ የዋጋ፣ 450 ብሩ የቫት ልዩነት ነው። ለመዝገብዎ የሚሆን ክሬዲት ኖት አብሮ ይደርስዎታል። ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ የባንክ ቁጥርም ሆነ የሚስጥር ቁጥር አንጠይቅም።

ከኅዳር ጀምሮ እያንዳንዱ ሂሳብ ከመላኩ በፊት በሁለተኛ ሰው ከውሉ ጋር ይመሳከራል።

ይህን የጻፍነው የሂሳቡን ልዩነት ለማስረዳትና ለማስተካከል ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ ካለዎት በስልካችን ይደውሉ ወይም ይጻፉልን፤ ለብቻው ተመልክተን መልስ እንሰጥዎታለን።»

ከሥር ያለው ፊርማ የሥራ አስኪያጁ ነው፤ ስሙና ቀጥታ ስልኩም አለበት። «አስተዳደሩ» ብሎ የሚፈርም ይቅርታ የማንም ይቅርታ አይደለም።

የመጨረሻውን አንቀጽ ልብ በሉት። «መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ነገር የለበትም። ሐረጉ በጠበቃ ደብዳቤ ላይ ቦታ አለው። ይቅርታ ውስጥ ሲገባ ግን ይቅርታውን መልሶ ይወስደዋል። በእሱ ፋንታ ደብዳቤው ስለምን እንደሆነ ይናገራል፤ ስለ ሂሳቡ ልዩነት ብቻ። ለሌላው ጉዳይ በሩ ክፍት ነው፤ አስቀድሞ የታመነ ወይም የተካደ ነገር ግን የለም።

ያ በር መከፈቱ ጠቅሟል። አንድ ደንበኛ በማግስቱ ጻፈ፦ ብሩ በመጉደሉ ሌላ አቅራቢ ዘንድ የጻፍነው ቼክ ተመለሰብን፤ ካሳ እንፈልጋለን። ባለቤቱ ደንግጦ ወዲያው «እንክሳለን» ሊል ነበር። መልሱን እንዲህ አድርገን አዘጋጀንለት፦ «ጽሑፍዎ ደርሶናል። ችግር ላይ መውደቅዎ ያሳዝነናል። የባንኩን ማስታወቂያና የቼኩን ቀን ቢልኩልን ከክፍያው ቀን ጋር አይተን እስከ ዓርብ እንደውላለን። ተመላሹ ይህን አይጠብቅም፤ ዛሬ ገብቷል።» ማዘን ማመን አይደለም። ማጣራትም መካድ አይደለም። ተመላሹን ከካሳው ጥያቄ መለየት ደግሞ የግድ ነው። አንዱ ሌላውን ከጠበቀ ደንበኛው በገዛ ገንዘቡ የተያዘ ይመስለዋል።

ስለ አላላኩም ጥቂት እንበል። ኢሜይሉ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻ ይላክ። ሁሉንም አድራሻ ደርድሮ አንድ ጊዜ መላክ የአንዱን ደንበኛ ለሌላው ማሳየት ነው፤ ቁጥሩም ከሰው ሰው ይለያያል። ደግሞ ዘንድሮ «ገንዘብ ልንመልስልዎ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አጭበርባሪን ነው። ስለዚህ ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት ደንበኛው በሚያውቀው ስልክ ደውሉ። ሊንክ አታስገቡበት።

ዊዝሆልዲንግ ቀንሰው የሚከፍሉ ደንበኞች ካሏችሁ ደግሞ ከእኛ ጋር ሳትነጋገሩ የተመላሹን ቁጥር አትጻፉ። እነሱ የቀነሱት ከ23,000 ላይ ነው፤ መሆን የነበረበት ከ20,000 ነው። ስለዚህ በእጃችሁ የገባው ትርፍ ከ3,450 በትንሹ ያንሳል፤ ልዩነቱ በእናንተ ስም ለግብር ገብቷል። ክሬዲት ኖቱ 3,450 ይላል፤ ከባንክ የሚወጣው ግን ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህ በኢሜይሉ ካልተብራራ ሁለተኛ ይቅርታ ልትጽፉ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለተራ የሂሳብ ልዩነት ነው። በውላችሁ ላይ ቅጣት የሚያስከትል አንቀጽ ካለ፣ ስህተቱ ለብዙ ወራት ተደጋግሞ ከሆነ፣ ወይም ደንበኛው አስቀድሞ የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ልኮ ከሆነ አንድም መስመር ሳትጽፉ ጠበቃችሁን አማክሩ።

ከላይ ያለውን ኢሜይል ቁጥሩን ቀይራችሁ እንደ ወረደ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ረቂቃችሁን ደረሰኙን አያይዛችሁ ከላካችሁልን ቁጥሩን በዚያው ቀን አይተን እንመልስላችኋለን። ቅዳሜ እስከ ቀትር አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብ አገልግሎት ቢሯችሁ
ስታዲየም፣ አዲስ አበባ