«አዎ»፣ «ሌላ»፣ «ይሰረዝ»፦ የአይሲቲ ክበብ ዓመት

ዘንድሮ የአይሲቲ ክበብ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመው አንድ አጭር መልእክት ነው። አንድ ብቻ። ርዝመቱ 67 ፊደል። «ለዚህ ዓመት ሙሉ?» የሚል ካለ፣ እኔም መስከረም ላይ ብጠየቅ ሁለት ሳምንት ይበቃል እል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ቀጠሮ ነው። ወላጆች በየተራ ከልጃቸው ስም ጠሪ መምህር ጋር የሚነጋገሩበት ቀን አለ። የጥሪው ወረቀት በተማሪ እጅ ይላካል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከተማሪው ቦርሳ አይወጣም። መምህሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወላጅ አይመጣም። በማግስቱ ሌላ ወላጅ ያለቀጠሮው ይመጣል። ርእሰ መምህራችን «በስልክ መልእክት አስታውሱልን» አሉና ሥራውን ለክበቡ ሰጡ።

የመጀመሪያውን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይላል፦ «ውድ ወላጅ፣ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከልጅዎ ስም ጠሪ መምህር ጋር ቀጠሮ እንዳለዎት እያስታወስን መምጣት አለመምጣትዎን እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ደብዳቤ ነው እንጂ መልእክት አይደለም። የላክነው ደግሞ በላኪው ቦታ ቁጥር ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ስም በሚወጣበት የጅምላ መልእክት አገልግሎት ነበር። ያምራል። ግን ለስም መልስ መላክ አይቻልም። ወላጆች «መልሴ አልሄድ አለኝ» ብለው እየደወሉ ነው የነገሩን። «አሳውቁን» ብሎ ጠይቆ በር መዝጋት ማለት ነው።

ስለዚህ ሲም ያለው አሮጌ ስልክ ከክበቡ ኮምፒውተር ጋር አገናኘን። መልሱን የሚያነብና የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም ተማሪዎቹ በፓይተን ጻፉ። አሁን መልስ ይገባል። ምን ዓይነት መልስ? «እሺ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ማን ልበል?»። አንዱ አባት ሦስት ገጽ የሚሆን የልጃቸውን ጠባይ ጽፈው ላኩ። ይመጡ እንደሆነ ግን አልጻፉም። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ጠየቅን እንጂ እንዴት እንደሚመለስ አልነገርንም።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል ቆጠራ ትንሽ ላውራ። አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ቁምፊ ይገባበታል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፤ የተቀረው ቦታ ቁራጮቹን መልሶ ለመግጠሚያ ይሄዳል። የእኔ ደብዳቤ 98 ነበር። የሁለት መልእክት ሒሳብ ከፈልን፤ በአንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ግማሽ ቀድሞ ደረሰ። «አክብሮት» ከነ«ውድ ወላጅ» የወጣው ያኔ ነው። አንዳንድ መምህራን ቅር አላቸው። እኔ ግን ወላጅን በአንድ ቃል እንዲመልስ ማድረግ ራሱ አክብሮት ነው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ሦስት ቃል መምረጥ ነበረብን፤ ለሚመጣ፣ ቀን ለሚለውጥና ለሚተው። «አዎ» ላይ ማንም አልተከራከረም። ለመለወጥ «ቀይር»፣ ለመተው «ሰርዝ» ብለን ጀመርን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብላ አነበበችውና ሳቀች። «አባቴ ለመምህሩ ሰርዝ ብሎ ይጽፋል? መምህሯ ሴት ብትሆንስ? ሰርዢ?» እውነቷን ነው። ትእዛዝ በአማርኛ ወንድና ሴት፣ አንተና እርስዎ ይለያል። ወላጁ ቃሉን ሲጽፍ በራሱ አፍ እንደተናገረው ነው የሚሰማው። ስለዚህ ማንንም የማያዝ ቃል ፈለግን። ለቀን ለውጥ «ሌላ» ተገኘ፤ ሁለት ፊደል፣ ጾታ የለው፣ በተለያየ ሆሄ አይጻፍ። ለመተው ደግሞ «ይቅር»። ሁላችንም ወደድነው። ሰው በአፉ እንደሚለው ነው፤ «በቃ ይቅር»።

በዚህ ቃል ነው የተዋረድነው።

ፕሮግራሙ መልሱ በምን እንደሚጀምር ያያል። በ«ይቅር» ከጀመረ ቀጠሮውን ያነሳል። አንዲት እናት እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ይቅርታ አሁን ነው ያየሁት። አዎ እመጣለሁ።» ፕሮግራሙ «ይቅር»ን አየ፣ ቀጠሯቸውን ሰረዘ፣ ሰዓቱን ለሌላ ወላጅ ሰጠ። ሐሙስ በ9 ሰዓት ሁለት ወላጆች አንድ በር ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። መምህሩ አንዳቸውን እስኪያነጋግሩ እኔ ሌላዋን ሻይ ጋበዝኩ።

ተማሪዎቹ በዚያው ቀን አስተካከሉት። ከዳርና ዳር ክፍት ቦታና ነጥብ ተነሥቶ፣ የቀረው ከሦስቱ ቃላት ከአንዱ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ ካልሆነ ፕሮግራሙ አይወስንም፤ መልሱን ለሰው ያስተላልፋል። ተራ የገባ ተማሪ አንብቦ ይለያል፣ ካልገባው ይደውላል። አሁን ተገላገልን ስንል፣ በሚቀጥለው ዙር ከአንድ አባት አንዲት ቃል መጣች፦ «ይቅርታ»። ብቻዋን። ይቅር ለማለት ነው ወይስ ይቅርታ ለመጠየቅ? ፕሮግራሙ ለሰው አስተላለፈው፣ ሰዉም አላወቀም። ደወልን። «ይቅር» ብዬ ስጽፍ ስልኩ ራሱ ጨረሰልኝ አሉ። ያን ቀን ቃሉን ቀበርነው።

ተተኪው «ይሰረዝ» ሆነ። እንደ «ይቅር» አይጣፍጥም፤ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። ግን ማንንም አያዝም፣ ለሰላምታም ለምስጋናም ለይቅርታም ማንም አይጠቀምበትም። «ይሠረዝ» ብሎ በንጉሡ «ሠ» የሚጽፍ ስላለ፣ ፕሮግራሙ ከማነጻጸሩ በፊት «ሠ»ን ወደ «ሰ» ይለውጣል። ሦስቱ ቃላት በተለያየ ፊደል መጀመራቸውም ጠቀመን፤ ዓይን አያምታታም። awo ብለው በላቲን የሚጽፉም ስላሉ የተለመዱትን አጻጻፎች በዝርዝር አስገባን። አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ CANCEL የሚለውም ይጨመር ብሎ ነበር። አንዳንድ የጅምላ መልእክት አገልግሎቶች ይህን ቃል «ከእንግዲህ ምንም አትላኩልኝ» ብለው ነው የሚተረጉሙት። ቀጠሮ ያነሣ ወላጅ ሳያውቀው ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ይወጣል። እኛ በራሳችን ስልክ ስለምንልክ አይነካንም፤ አንድ ቀን ወደ እነሱ ብንመለስ ግን ስለሚጎዳን ተውነው።

የ«እሺ» ጉዳይ እስካሁን አላለቀም። በብዛት የሚመጣው መልስ እሱ ነው። ችግሩ «እሺ» ማለት እመጣለሁም ነው፣ አየሁትም ነው፣ ሰምቻለሁ ተዉኝም ነው። መጀመሪያ «የሚመጡ ከሆነ አዎ ይበሉ» ብለን መልሰን ጠየቅን። «እሺ አልኩ እኮ!» የሚል መጣ፣ ያውም በቃለ አጋኖ። አሁን «እሺ»ን እንደ «አዎ» እንቆጥራለን፣ በመምህሩ ወረቀት ላይ ግን ከስሙ ጎን የጥያቄ ምልክት ይደረጋል። መምህሩ በዚያ ሰዓት የሚታረም ደብተር ይዞ ይቀመጣል።

«ሌላ» ብሎ ለመለሰ ምን ይደረጋል? በመጀመሪያ ሰዓቱን ወዲያው ለሌላ ሰው እንሰጥ ነበር። አንድ አባት «ሌላ» አሉ፤ ሁለት አማራጭ ላክንላቸው፤ ሁለቱም አልተመቻቸውም፤ «እንግዲያው የድሮው ይሁን» አሉ። የድሮው ተሰጥቷል። አሁን አዲሱ እስኪቆረጥ አሮጌው አይለቀቅም። «ሌላ» ላለ ወላጅ የሚሄደው «1=ዓርብ 8 ሰዓት፣ 2=ሰኞ 9 ሰዓት» ዓይነት ነው፤ 1 ወይም 2 ብሎ ይመልሳል። እስከ ማግስቱ ማታ ካልመለሰ ይደወልለታል። ለእያንዳንዱ መልስም ማረጋገጫ ይላካል፦ «ሐሙስ በ9 ሰዓት ተይዟል።» እናትየዋ ያን ጊዜ ይህ ቢላክላቸው ኖሮ፣ «ተሰርዟል» የሚል ሲያዩ ያኔውኑ ይጮሁ ነበር፣ እኔም የሻይ አልከፍልም።

ሁለት ልጆች ያሏቸው ወላጆች ሌላ ቋጠሮ ነበሩ። በአንድ ቀን ሁለት ማስታወሻ ይደርሳቸዋል፣ አንድ «አዎ» ይልካሉ። ለየትኛው ልጅ? ስልኩ የሚነግረን ማን እንደላከው እንጂ ለየትኛው እንደመለሰ አይደለም። ተማሪዎቹ «አዎ1»፣ «አዎ2» እናድርገው አሉ። እኔ አልተስማማሁም፤ ቃሉ አጭር የሆነው ሰው እንዳያስብ ነው። በመጨረሻ ለአንድ ቁጥር ያልተመለሰ ማስታወሻ ካለ ሁለተኛው እንዳይላክ አደረግን።

ሰኔ ላይ የደረስንበት መልእክት ይኸው። ስሙ ምሳሌ ነው፦

```
የሄለን ስም ጠሪ ቀጠሮ ሐሙስ ግንቦት 7 በ9 ሰዓት
ይመልሱ፦
አዎ=እመጣለሁ
ሌላ=ሌላ ቀን
ይሰረዝ=አልችልም
```

አዲስ መስመርም እንደ አንድ ፊደል ተቆጥሮ 67 ነው። ሦስት ፊደል ይተርፋል፤ ረጅም ስም ላላቸው ልጆች ማለት ነው። ከዚያ ለሚያልፉት ጥቂቶች «ስም ጠሪ» የሚለው ይወጣል። «ነገ» የሚል ቃል የለበትም፤ ስልኩ ጠፍቶ ያደረ ሰው መልእክቱን ሲያየው «ነገ» ሌላ ቀን ሆኖ ይጠብቀዋልና። የትምህርት ቤቱ ስምም የለም። በዓመቱ መጀመሪያ ቁጥራችንን እንዲመዘግቡ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍላቸዋል።

ለቀጣዩ ዓመት ክበብ አንድ የቤት ሥራ ትተናል። አንዲት አያት መልእክቱን የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል፣ መልሱንም እሱ ይጽፋል። ሁለት ዙር በተከታታይ «ይሰረዝ» የሚል መጣ። ሦስተኛው ላይ ደወልን። አያቱ ስለ ቀጠሮው የሰሙት ነገር የለም።