ረሃብ በደም ይወረሳል?

ክቡር አዘጋጅ፣

የረሃብና የጦርነት ጠባሳ በዘረመል ለልጅ ልጅ ይተላለፋል የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። በማስረጃነት የጠቀሳችሁት በኔዘርላንድ የ1944–45 የክረምት ረሃብ ላይ የተሠራው ጥናት ግን ይህን አይልም።

ተመራማሪዎቹ በረሃቡ ወቅት የተፀነሱ 60 ሰዎችን ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ መረመሩ። እያንዳንዳቸውን ከገዛ ወንድም ወይም እህታቸው ጋር አነጻጸሩ። አይጂኤፍ2 በሚባለው ዘረመል ላይ የሚለጠፈው ኬሚካላዊ ምልክት በእነሱ ደም ውስጥ በ5 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ዘረመሉ ራሱ አልተለወጠም። ከመወለዳቸው ጥቂት ወራት በፊት ብቻ ረሃቡ የደረሰባቸው ላይ ደግሞ ልዩነቱ አልታየም።

እነዚህ ሰዎች ረሃቡን አልወረሱትም፤ ማህፀን ውስጥ ሆነው ራሳቸው ተርበዋል። ፅንሷ ሴት ከሆነች ደግሞ የእንቁላሎቿ ሕዋሳት ያኔውኑ ውስጧ አሉ። ስለዚህ የልጅ ልጅ እንኳ የሚፈጠረው ረሃቡ ካገኘው ሕዋስ ነው። በእናት በኩል እውነተኛ ውርስ አለ ለማለት ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ትውልድ ማየት ያስፈልጋል።

የወላጅ ሕመም ልጅን አይነካም እያልኩ አይደለም። በጣም ይነካል! ሌሊት እየባነነ የሚጮህ አባት ያለበት ቤት ውስጥ ልጅ ፍርሃትን እያየ ያድጋል። ይህ ግን በኑሮ የሚመጣ ነው፤ ወላጁ ሲታከም ሊለወጥ ይችላል።

ከጦርነት የተረፉ እናቶች «ልጄን በደሜ በከልኩት» ብለው እንዳይሳቀቁ፣ እባካችሁ እርማት አውጡ።

አንድ አንባቢ