ጋሼ ከኋላ ወንበር የተቀመጡበት ዕለት

የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ 14 ጊዜ ተሰብስቧል። ተጠሪዎች መርጠናል፣ የግድግዳ ጋዜጣ አውጥተናል፣ ቃለ ጉባኤም ሳናቋርጥ ይዘናል። ሁለት ስብሰባዎች የቤተ ሙከራው ቁልፍ በመጥፋቱ ቀርተዋል። ዝርዝሩ መዝገብ ላይ ስላለ አንባቢን አላሰለችም። መጻፍ የፈለግሁት ስለ መጨረሻው ስብሰባ ነው። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ የተሰናበቱን የዚያን ዕለት ነው።

ጋሼን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ክበቡን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ግን ጠመኔውን ለወጣቷ የፊዚክስ መምህርት ሰጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

መምህርቷ ከበሩ ጉበን ላይ አንድ ሜትር ክር አንጠለጠለችና ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ አሰረች። «ድንጋዩን በትልቅ ብንቀይረው፣ ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ያጥራል፣ ይረዝማል ወይስ አይለወጥም?» ስትል ጠየቀች። እጅ ማውጣት የለም። ሁሉም ለየራሱ አስቦ ሀ፣ ለ ወይም ሐ የተጻፈበት ካርድ በአንዴ ያነሳል። ዘዴው የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፋው ነው። ትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ ተማሪዎቹ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከራሉ፣ ከዚያም ደግመው ካርድ ያነሳሉ። ከ30 በታች ከሆኑ ግን ገና አልገባቸውምና መምህሩ ይከልሳል።

«አይለወጥም» ያሉት አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ። ክርክሩ ጦፈ። ሁለተኛው ካርድም አልለየለትም፤ ስለዚህ መለካት ግድ ሆነ። የትንሹ ድንጋይ 20 ምልልስ 40.1 ሰከንድ ፈጀ። የትልቁ ደግሞ 40.9። ቢደጋገምም ያው ነው። «ይረዝማል» ያሉት ጮቤ ረገጡ። መምህርቷ ፊቷ ቀላ። እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገባኝ፤ ክብደት ለውጥ እንደማያመጣ ነው ስናስተምር የኖርነው።

ጋሼን ዞር ብዬ አየኋቸው። መልሱን እንደሚያውቁ ከፊታቸው ይነበባል። ግን ዝም። አንዲት ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ተማሪ ተነስታ ማስመሪያ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ከቋጠሮው እስከ ድንጋዩ መሃል ለካች። «ክሩ ያው ነው እንጂ መሃሉ እኮ በ4 ሳንቲሜትር ወርዷል» አለች። ክሩን በዚያው ልክ አሳጥራ ደግማ ለቀቀችው። 40.1። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ያጨበጨቡት የተሸነፉት ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ጋሼ ተነስተው ለእኛ ለመምህራኑ የተናገሩት። የጻፉትን ወረቀት ከኪሳቸው አላወጡትም።

«ይቺን ነገር በየዓመቱ የምናገራት እኔ ነበርኩ» አሉ። «‹ልጆች፣ እስከ ድንጋዩ መሃል ለኩ› እላለሁ፣ ይጽፋሉ፣ በማግስቱ ይረሱታል። ዛሬ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ያቺ ልጅ ግን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ካርዱን እኔ መጀመሪያ የሕፃን ጨዋታ ነው ብዬ አጣጥዬው ነበር። ተሳስቻለሁ። እጅ የሚያወጡት ያው አራት ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ምን እንደሚያስቡ አላውቅም ነበር።»

ቀጥለው ግን ዘዴው ብቻውን እንደማይበቃ ነገሩን። «ልክ የመለሰውንም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ አንዱ ‹አይለወጥም፣ ሁለቱም ድንጋይ ናቸዋ› ሲል ሰምቻለሁ። ካርዱ ልክ ነው፣ ሐሳቡ ግን ልክ አይደለም። ሌላው፣ ሙከራውን ከክፍሉ በፊት በእጃችሁ ሞክሩት። ሁለቱን ድንጋዮች አስቀድሞ ያሰረ ሰው በ0.8 ሰከንድ አይደነግጥም።» ይህን ሲሉ ወጣቷን መምህርት አይተው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። «ደግሞ አንድ ምልልስ ብቻ አትለኩ። ሰዓቱን የምትጫኑበት መዘግየት ሁለት ሰከንዷን ያበላሻታል። በ20 ሲካፈል ግን ስህተቱ ይሟሟል።»

«ጠይቃችሁ ዝም በሉ» ሲሉም ጨመሩ። «እኔ ጠይቄ ለአንድ ሰከንድ እንኳ አልታገስም ነበር። ሜሪ ባድ ሮ የምትባል ተመራማሪ ሦስት ሰከንድ መታገስ መልሱን እንደሚያረዝመውና እንደሚያሻሽለው አሳይታለች። ይህን ያነበብኩት ጡረታዬ ሲደርስ መሆኑ ነው የሚቆጨኝ።»

አሁን ወደ ሂሳቡ። ክበቡ የሚሠራ ስቶፕዎች ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ስድስት ቡድን ተሰልፎ ተራ ይጠብቅ ነበር። ካርዶቹን ተማሪዎቹ ከአሮጌ ካርቶን ቆርጠው ነው የሠሩት፣ ማስመሪያዋም የተማሪዋ የራሷ ናት። ለመድረክ ማስዋቢያ ገንዘብ ሲገኝ አይተናል። አምስት ስቶፕዎችና ሁለት ሜትር መለኪያ ቢገዛልን በቂያችን ነው። ለቤተ ሙከራው ቁልፍም ቅጂ ይውጣለት።

ክሩ አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ሲወጡ ጎንበስ ብለው አለፉት፤ «አታውርዱት፣ ሌላው ክፍል ገና አልለካም» ብለው።