የንግግርና ክርክር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ኮንሶል ለ40 ሰው

ዘንድሮም የክፍል ለክፍል ክርክሩና የአዳዲስ አባላት ልምምድ እንደ ወትሮው ተካሂዷል። ይህን ገጽ ግን ለአንድ ንግግር ብሰጠው ደስ ይለኛል።

ከአባሎቻችን አንዷ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በአንድ የወጣቶች ማዕከል በበጎ ፈቃደኝነት ታገለግላለች። ማዕከሉ ያለው አንድ ኮንሶልና ሁለት ጆይስቲክ ነው። የተመዘገቡት ወጣቶች ደግሞ 40 ናቸው። ደንቡ «ያሸነፈ ይቀጥላል» ነበር። እሷ ማን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ በደብተር ስትይዝ ከርማ፣ ንግግሯን ከዚያ ጀመረች፦ «ጎበዙ ስለሚያሸንፍ አይነሳም፤ ስለማይነሳም ይበልጥ ይጎብዛል። ጀማሪው አንዴ ይሸነፍና ቆሞ ሲያይ ይውላል።»

ቀጥሎ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ማዕከሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ይህ በ30 ደቂቃ ሲከፈል በቀን አምስት ተራ ይሆናል። በየቀኑ አራቱን ተራ ለሁለት ለሁለት ሰው ብንሰጥ፣ በሳምንት 40 ቦታ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ልክ አንድ ማለት ነው። አምስተኛው ተራ ክፍት ሆኖ፣ ለጀማሪዎችና ተራ ላመለጣቸው ይቆያል።

ለምን 30 ደቂቃ? የኳስ ጌም ግማሹ 6 ደቂቃ ላይ ከተሞላ፣ ከነእረፍቱና ከነሪፕሌዩ አንድ ጨዋታ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለት ጨዋታ ይገባል፤ የተሸነፈውም መልስ ያገኛል። ዓርብን ሁሉም ስለሚፈልገው፣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል፤ ዓርብ የነበረው ወደ ሰኞ ይመለሳል። በአምስት ሳምንት ውስጥ ዓርብ ለሁሉም ይደርሳል።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «የታሪክ ጌም በግማሽ ሰዓት ምን ይሠራል? ሴቭ የሚደረግበት ቦታ እንኳ ሳልደርስ ታስነሺኛለሽ!» አላት። እኔን ያስደሰተኝ መልሷ ነው። «ካንተ ቀጥሎ ካለው ጋር ተቀያየሩ። አንድ ሳምንት አንተ ሙሉ ሰዓት፣ በሚቀጥለው እሱ። ሁላችንም እኩል አንድ ቀን ስለምንገፋ፣ ጎረቤትህ ሁልጊዜ ጎረቤትህ ነው።» በዚያ ላይ ሁሉም የራሱን ፕሮፋይል እንዲከፍት ጠየቀች። በአንድ ፕሮፋይል ብዙ ሰው ሲጫወት፣ አንዱ ሴቭ ሲያደርግ የሌላው ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ለክበቡ አባላት የምለው አለኝ። ተቃውሞውን ቀድማ ባታስብበት ኖሮ፣ መልሱ እንዲህ አጭር አይሆንላትም ነበር። በክርክር ልምምዳችን የሚጎድለንም ይኸው ነው።

ማዕከሉ ፕሮግራሙን አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ተቀበለው። እሷ የቀረ ሰው 10 ደቂቃ ይጠበቅ ብላ ነበር። ከ30 ደቂቃ ላይ 10 መጠበቅ ሲሶውን መብላት ስለሆነ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ቦታው በወረፋ ላለው እንዲሰጥ ተስማሙ። የቀረውም በዚያው ቀን አምስተኛ ተራ ላይ ይሞክራል።

— የክበቡ ተጠሪ መምህር