የትርጉም ክበብ፦ ሠላሳ ቃል በሃያ ቃል

የትርጉም ክበብ ዘንድሮ የራሱን ትርጉም አልሠራም። ዓመቱን ያሳለፈው ሌሎች የተረጎሙትን ከምንጩ ጋር በማመሳከር ነው። የተመረጠው ጽሑፍ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ ያጸደቀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲሆን፣ አማርኛው በድርጅቱ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የሚገኘው ቅጂ ነው። አንቀጾቹ 30 ናቸው፤ አብዛኞቹም አጫጭር ናቸው። በመስከረም ስንጀምር ሁሉንም በዓመቱ እንጨርሳለን ብለን ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ ገና አንቀጽ 2 ላይ ነበርን።

የአሠራሩ መሣሪያ አንድ ወረቀትና አራት ዓምድ ነው። በመጀመሪያው ምንጩ በሐረግ በሐረግ ተቆራርጦ ይጻፋል፤ በሁለተኛው የአማርኛው አቻ፤ በሦስተኛው የጉድለቱ ዓይነት፤ በአራተኛው ማስረጃው። ማስረጃ ያልተጻፈለት ጉድለት ይሰረዛል፤ «አይጥመኝም» ማስረጃ አይደለም። የተሻለ ቃል ሐሳብ ማቅረብም በዚህ ደረጃ ክልክል ነው። አራሚ ምትክ ቃል መፈለግ ከጀመረ ማንበቡን ያቆማልና።

የመጀመሪያው ዙር ግድፈት ፍለጋ ነው፤ ትርጉም አይመረመርም፣ ይቆጠራል ብቻ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ቃል መቁጠር ነው። የአንቀጽ 1 እንግሊዝኛ 30 ቃል አለው። አማርኛው እንዲህ ይላል፦

«የሰው ልጅ ሁሉ ሲወለድ ነጻና በክብርና በመብትም እኩልነት ያለው ነው። የተፈጥሮ ማስተዋልና ሕሊና ስላለው አንዱ ሌላውን በወንድማማችነት መንፈስ መመልከት ይገባዋል።»

ይህ 20 ቃል ነው። አንድ ሦስተኛው ጎደለ ማለት ነው? አይደለም። እንግሊዝኛው ለብቻቸው የሚጽፋቸውን መስተዋድድና መስተፃምር አማርኛው ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይጽፋቸዋል፤ «በክብርና» አንድ ቃል ሆኖ የሦስት ቃል ሥራ ይሠራል። ስለዚህ የሚቆጠረው ቃል ሳይሆን የሐሳብ ክፍል ነው። በአንቀጽ 1 ስምንት አግኝተናል፦ የሰው ልጅ ሁሉ፣ ነጻ ሆኖ መወለዱ፣ በክብር እኩልነቱ፣ በመብት እኩልነቱ፣ ማስተዋል፣ ሕሊና፣ እርስ በርስ የሚገባው አድራጎት፣ የወንድማማችነት መንፈስ። ስምንቱም በአማርኛው አሉ። ግድፈት የለም ተብሎ ተፈረመ።

ፍሬው የተገኘው በሁለተኛው ዙር፣ በፍቺ መዛነፍ ፍተሻ ነው። አንዱ ተማሪ እንግሊዝኛውን ሸፍኖ አማርኛውን ብቻ ያነባል፤ ዓረፍተ ነገሩ ማንን ምን እንደሚያስገድድ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ በራሱ አነጋገር ይናገራል። ከዚያ ምንጩ ይገለጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ምንጩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው አማርኛው ያላለውን ራሱ እየሞላ ስለሚያነብ መዛነፉ አይታየውም። በአንቀጽ 1 ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ወጣ።

የመጀመሪያው «መመልከት» ነው። ምንጩ ሰዎች እርስ በርሳቸው በወንድማማችነት መንፈስ «ሊያደርጉ» ወይም «ሊሠሩ» እንደሚገባ ይናገራል፤ ግሡ የተግባር ነው። አማርኛው ወደ አመለካከት አወረደው። ወንድሙን በመልካም ዓይን እየተመለከተ እጁን ያልዘረጋ ሰው አማርኛውን አልጣሰም፤ እንግሊዝኛውን ግን ጥሷል።

ሁለተኛው «ስላለው» ነው። ምንጩ ሁለቱን ሐሳቦች በ«እና» ነው ያያያዛቸው፦ ማስተዋልና ሕሊና አላቸው፣ እና እንዲህ ሊያደርጉ ይገባል። አማርኛው ምክንያት አደረገው። አማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገርን በ«ስለ» ማሰር ስለሚወድ ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ግዴታው በማስተዋል ላይ የተመሠረተ መሆኑ ከተርጓሚው የመጣ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል። የእንግሊዝኛው ግሥ ማስተዋልና ሕሊና «ተሰጥቷቸዋል» ይላል እንጂ ሰጪውን አይጠራም። ዝምታው በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። በ1948 ለክርክር በቀረበው ረቂቅ ውስጥ «በተፈጥሮ» የሚል ሐረግ ነበረ፤ ብራዚል የሰው ልጅ በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩ እንዲጠቀስ ጠየቀች፤ ሌሎች ተቃወሙ፤ በመጨረሻ ፈጣሪም ሳይገባ «በተፈጥሮ»ም ወጥቶ ጸደቀ። ሆን ተብሎ የወጣው ቃል በአማርኛው ተመልሶ ገብቷል። ተርጓሚው ይህን ክርክር ያውቅ ነበር ማለት አይደለም፤ «የተሰጠ» ሲል «በማን?» የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ ለማለስለስ ሳይሆን አይቀርም። ጭማሪ ከግድፈት ይልቅ ለማየት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ጽሑፉን የተሟላ ያስመስለዋል።

ተርጓሚውን ከመክሰስ በፊት በእጁ የነበረው የትኛው ምንጭ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። መግለጫው በፈረንሳይኛም ስላለ ከዚያ የተተረጎመ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይኛው ከእንግሊዝኛው ጠንከር ባለ ግሥ «ሊያደርጉ ግድ ነው» ወደሚለው ይጠጋል፤ «በተፈጥሮ» ግን እዚያም የለም፣ ግሡም የተግባር ነው። ስለዚህ ሦስቱም ግኝቶች ጸኑ።

አንቀጽ 2 የቆጠራን ገደብ አሳይቶናል። ልዩነት የማይደረግባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፦ ከዘር እስከ «ሌላ ደረጃ» አሥር ናቸው፤ በአማርኛውም አሥር። ቆጣሪው ምልክት አድርጎ ሊያልፍ ሲል አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከዝርዝሩ በፊት ያለውን አሳየች። ምንጩ «ማንኛውም ዓይነት ልዩነት ሳይደረግ፣ ለምሳሌ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በአማርኛው «ማንኛውም ዓይነት»ም «ለምሳሌ»ም የሉም። ክፍት የነበረው ዝርዝር የተዘጋ መስሏል፤ «የሌላ ደረጃ» የሚለው መጨረሻ በከፊል ባያድነው ኖሮ ከባድ ጉድለት ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው የዝርዝሩን ፍሬዎች ብቻ ሳይሆን በሩንም ይጨምራል።

እዚያው «የብሔራዊ ወይም የኀብረተሰብ ታሪክ» ተብሏል፤ ምንጩ የሚለው ታሪክ ሳይሆን መነሻ ወይም የመጡበት ነው። «ትውልድ» ለዚህ ይስማማ ነበር፤ ግን በዚያው ዝርዝር ለሌላ ቃል ተይዟል።

ሦስተኛው ዙር የስያሜ ወጥነት ነው። መግለጫው በአንቀጽ 2 «በዚሁ ውሳኔ» ተብሎ ተጠርቷል። ይህ ተራ የቃል ምርጫ አይደለም፤ ጠቅላላ ጉባኤው መግለጫውን ያጸደቀበት ውሳኔ ለብቻው አለ፣ ቁጥሩም 217 ነው። ሁለት ነገር በአንድ ስም ሊጠራ ነው።

ስያሜ በኮምፒዩተር ሲፈለግ አማርኛ ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ ሞክሼ ፊደል ነው፤ «ነጻነት» ብሎ የፈለገ «ነፃነት»ን አያገኝም፣ «ኀብረተሰብ»ም «ኅብረተሰብ» ወይም «ህብረተሰብ» ሆኖ ሊያመልጥ ይችላል። ሌላው የቃሉ መጨረሻ ፊደል ከቅጥያው ጋር መለወጡ ነው፤ «መብት» ሲበዛ «መብቶች»፣ ሲጠቆም «መብቱ» ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ፊደል ይቆረጣል ወይም የሚለወጥባቸው መልኮች በቅንፍ ይገባሉ፣ ሞክሼዎቹም እንዲሁ። መደበኛ አገላለጽ የሚባለውን የፍለጋ ቀመር በሚቀበል የጽሑፍ ማረሚያ ላይ የምንጠቀመው ይህን ነው፦

```
ነ[ጻፃ]ነ
መብ[ትቶቱታቴቷ]
```

የተገላቢጦሹም አለ፤ ሁለት የምንጭ ቃል በአንድ አማርኛ ሲዋጥ። በአንቀጽ 1 ያለው የሰውነት ክብርና በአንቀጽ 12 ያለው የስምና የዝና ክብር በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ናቸው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም «ክብር»ን ይጠራሉ። ይህን ፍለጋ አያወጣውም፤ ከምንጩ ተነሥቶ የስያሜ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ነው።

ለመጪው ዓመት መግቢያው ተይዟል። በእንግሊዝኛው ሰባት አንቀጾቹ በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚጀምሩ፣ የተርጓሚም የአመሳካሪም ዓይን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሊዘል ይችላል። ከማንበብ በፊት በሁለቱም ቅጂ ዳር ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይጻፋል።