የፍልስፍና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ትልቅነት ራሱ ትልቅ ነው?»

ክበባችን ዘንድሮም ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡30 ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሲሰበሰብ ቆይቷል። ክፍሏን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ግማሿ የተሰባበረ ዴስክ የተከመረባት ናት። መስከረም ላይ 19 አባላት መዝግበን ነበር፤ ጥር ላይ 11 ቀሩ። ቤተሰቦቻቸው ከፒያሳና ከአካባቢው ተነስተው ራቅ ወዳለ ሰፈር የሄዱ ልጆች ከትምህርት በኋላ መቆየት አልቻሉም። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የያዝነው ክርክርም መኪና ስላልተገኘ ቀረ። የቀረውን ከቃለ ጉባኤው መዝገብ ማየት ይቻላል።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልኛል፦ «ልጆቹ ፈተና አለባቸው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያለፈው የግሪኮች ክርክር ምን ያደርግላቸዋል?» ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። ያነበበ ይፍረድ።

የያዝነው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ «ፓርሜኒደስ» የተሰኘው የፕላቶ ድርሰት የመጀመሪያው ክፍል። ታሪኩ ቀላል ነው። ፈላስፋው ፓርሜኒደስና ደቀ መዝሙሩ ዜኖ ለበዓል አቴና ገብተዋል፤ ፓርሜኒደስ ዕድሜው ወደ 65፣ ዜኖ ወደ 40 ይጠጋል። ሶቅራጥስ ገና ወጣት ነው። ወጣቱ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ አዛውንቱ ያንን ሐሳብ ክር በክር ይፈቱበታል። ልጆቼን መጀመሪያ የያዛቸው ይኸው ነው። በብዙዎቹ የፕላቶ ድርሰቶች ሌሎችን በጥያቄ የሚያፋጥጠው ሶቅራጥስ እዚህ ላይ ራሱ ተፋጦ፣ መልስ አጥቶ ይታያል።

ሐሳቡ ይህ ነው። ብዙ ትልልቅ ነገሮች አሉ፤ መዘጋጃ ቤቱ፣ የአራት ኪሎው ሐውልት፣ ግቢያችን ውስጥ ያለው ዛፍ። ሁሉንም «ትልቅ» የምንላቸው የሚጋሩት አንድ ነገር ስላለ ነው ይላል ሶቅራጥስ። ያ አንድ ነገር ግን መዘጋጃ ቤቱ ውስጥም ዛፉ ውስጥም የለም። ለብቻው፣ ከነሱ ተለይቶ ይኖራል፤ አይለወጥም፣ አይፈርስም፣ በዓይን ሳይሆን በአእምሮ ይታወቃል። ግሪኮቹ ይህን የጠሩበት ቃል ከ«ማየት» የወጣ ስለሆነ እኛም ከብዙ ክርክር በኋላ «መልክ» አልነው። «ቅርጽ» ያሉ ነበሩ፤ ልጆቹ ግን ቅርጽ ሲባል ክብና ሦስት ማዕዘን ስለሚመጣባቸው ተውነው።

አሁን ፓርሜኒደስ ይመጣል። ትልልቆቹን ነገሮች በአንድ ላይ ስታይ አንድ የጋራ መልክ ይታይሃል አይደል? አዎ። እንግዲያው ያንን የትልቅ መልክ ራሱንና ትልልቆቹን ነገሮች ደግሞ በአንድ ላይ በአእምሮህ ተመልከታቸው። ሁሉም ትልቅ ሆነው የሚታዩበት ሌላ ትልቅ አይመጣም? ይመጣል። ይህንን ሁለተኛ መልክ ከቀድሞዎቹ ጋር አንድ ላይ ስታደርገው ሦስተኛ ይመጣል፤ ከዚያ አራተኛ። መጨረሻ የለውም። አንድ ነው ያልከው መልክ ቁጥር ስፍር የሌለው ሆነ። አርስቶትል በኋላ ይህን መከራከሪያ «ሦስተኛው ሰው» ብሎ ጠቅሶታል፦ ሰዎቹ አሉ፤ የሰው መልክ አለ፤ ሁለቱን ለማገናኘት ሌላ ሰው ይመጣል።

ኅዳር ላይ ይህንን በሰሌዳ ሠራነው። አንዱ ልጅ ከታች ሦስት ነጥብ አስቀመጠ፣ ከላያቸው አንድ ክብ፣ ከክቡ በላይ ሌላ ክብ። ሰሌዳው እስኪያልቅ ሄደና ጠመኔውን ይዞ ወደኔ ዞረ፤ «ቲቸር፣ ግድግዳው ላይ ልቀጥል?» አለኝ። በዚያች ጥያቄ ክርክሩ ገብቶታል ብዬ አመንኩ፤ ከማንኛውም የፈተና መልስ የበለጠ ምስክር ናት።

ስህተቱ የት እንዳለ ያገኘነው ግን በራሳችን ቋንቋ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለቀጣዩ ማክሰኞ ጽሑፉን ወደ አማርኛ ስትመልስ «ትልቅነት» ብላ ጻፈች። ስታነብልን መሃል ላይ ቆመች። «ትልቅነት ትልቅ ነው ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። «ዛፍ ትልቅ ነው ይባላል። ትልቅነት እንዴት ትልቅ ይሆናል? ቁመት አለው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ግሪክኛው «ትልቁ ራሱ» እንደማለት ነው፤ «ትልቁ ራሱ ትልቅ ነው» ቢባል ጆሮ አይጎረብጠውም። በእኛ አፍ «ትልቅነት ትልቅ ነው» ሲባል ግን ወዲያው ይጎረብጣል። «ሰው» ላይ ስንደርስማ ነገሩ ባሰ፤ በ«ትልቅነት» ልክ «ሰውነት» ብንል አካል ማለት ሆነ፣ «ሰብእና» ብንል የሰው ጠባይ መሰለ። በመጨረሻ «ሰው መሆን» አልን። ሰው መሆን ደግሞ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰው አይደለም።

ልጅቷ በራሷ የደረሰችበት ቦታ አንድ ትልቅ ምሁርም የደረሰበት ነው። ግሪጎሪ ቭላስቶስ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ፓርሜኒደስ በግልጽ ያልተናገራቸው ሁለት ግምቶች እንዳሉ አሳየ። አንደኛው፣ መልኩ ራሱ የሚሰጠውን ጠባይ ይይዛል የሚል ነው፤ የትልቅ መልክ ትልቅ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ትልቅ የሚሆነው ከራሱ ሌላ በሆነ መልክ ነው የሚል ነው። ያለ አንደኛው፣ መልኩ ከትልልቆቹ ነገሮች ጋር አይቆጠርም፤ ያለ ሁለተኛው፣ መልኩ ትልቅ ቢሆንም በራሱ ነውና ሌላ አያስፈልገውም። ከሁለቱ አንዱን ከነቀልክ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛው ክብ አይሳልም።

ቭላስቶስ ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ይህን ለማስረዳት ሁለት ማክሰኞ ፈጀብኝ። ሁለቱን ግምቶች በጥብቅ ከያዝናቸው እስከ ማለቂያ የለሽ ሰልፍ መሄድም አያስፈልግም። የትልቅ መልክ ትልቅ ነው። ትልቅ የሆነ ሁሉ ደግሞ ትልቅ ካደረገው መልክ የተለየ ነው። ስለዚህ የትልቅ መልክ ከትልቅ መልክ የተለየ ነው፤ ከራሱ ተለየ ማለት ነው። ገና በመጀመሪያው እርምጃ ግምቶቹ እርስ በርስ ተጣሉ። ፕላቶ ይህን አይቶት እንደሆነ ምሁራን ዛሬም አልተስማሙም፤ እኛም 6 ለ5 ተከፍለናል።

ሚያዝያ ላይ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም በእግር ሄድን። መግቢያውን ልጆቹ ራሳቸው አዋጡ። ለምን ሙዚየም ለሚሉ፣ ምክንያት ነበረኝ። ሶቅራጥስ መጀመሪያ የቀረበበትን ክርክር ለማምለጥ ሌላ መንገድ ይሞክራል፤ መልኮቹ እንደ አብነት ናቸው፣ ነገሮቹ የነሱ ቅጂ ናቸው ይላል። ፓርሜኒደስ ይህንንም አይለቅለትም። ቅጂው አብነቱን ከመሰለ አብነቱም ቅጂውን ይመስላል፤ የሚመሳሰሉ ነገሮች ደግሞ የሚጋሩት አንድ መልክ አላቸው፤ ስለዚህ ሦስተኛ መጣ። እኛም ቅጂና ዋና ማየት ፈለግን። ሙዚየሙ ውስጥ ለሕዝብ የሚታየው የድንቅነሽ አጽም ቅጂ ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር የተገኘው ዋናው አጽም ተጠብቆ የተቀመጠው ለብቻው ነው። የተጋደመ አንድ ቅጂ አለ፤ ቆማ እንድትታይ የተሠራች ሌላም አለች።

ያቺው የ11ኛ ክፍል ልጅ መስታወቱን በጣቷ ነካ አድርጋ ቆመች። ልጅቷ አሁን የምትመጣው ከሩቅ ነው፤ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። ለደቂቃዎች ምንም አላለችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ እንዲህ አለች፦ «ይህ ዋናውን ይመስላል። ዋናውም ይህን ይመስላል። ግን ይህ ከዋናው ተቀዳ እንጂ ዋናው ከዚህ አልተቀዳም።» አንድ ልጅ ቀጠለ፤ «ሁለቱ ቅጂዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ከሌላው ባይቀዳም።» «እሱማ ሁለቱም ከዋናው ስለመጡ ነው» አለችው። «ለሁለቱ ሦስተኛ ያስፈልጋቸዋል። ለአንዱ ቅጂና ለዋናው ግን ሌላ አጽም አንፈልግም። ለምን ተመሳሰሉ ቢባል፣ ይኼኛው ከዚያኛው ስለተቀዳ። እዚያ ላይ ይቆማል።»

መምሰል በሁለት በኩል ይሄዳል፤ መቀዳት ግን በአንድ በኩል ብቻ። ፓርሜኒደስ ሳያነሳው ያለፈው ልዩነት ይህ ነው። እኔ ይህን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት፤ እሷ በመስታወት ላይ በተጠጋ አንድ ጣት አገኘችው። ከዚያ በኋላ እስከ መውጫው ድረስ ብዙ ማውራት አልቻልኩም።

መልሷ ሁሉን እንደማይዘጋ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ራሳቸው አነሱት። ዋናው አጽም ራሱ አጥንት ነው፤ ቅርጹን ያገኘው ሌላ ነገር በመቅዳት ሳይሆን በማደግ ነው። የትልቅ መልክ ግን አካል የለውም። አካል ከሌለው ነገር ዛፍ እንዴት ትልቅነትን «ይቀዳል»? ከቆመችዋ ቅጂ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወጣ፦ ከድንቅነሽ አጽም የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ታዲያ የተሟሉት አጥንቶች የምን ቅጂ ናቸው? ካልተገኘው አጥንት ነው ወይስ ሙሉ አካል ምን እንደሚመስል ከሚታሰበው? እስከ አራት ኪሎ ድረስ ተከራከሩ፤ አልፈቱትም።

ግንቦት ላይ ያነበብነው የመጨረሻው ገጽ ክበባችንን ለሁለት ከፍሏል። ይህን ሁሉ ካፈራረሰ በኋላ ፓርሜኒደስ ራሱ መልኮች የሉም ብሎ የሚክድ ሰው ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ስለማይኖረው የመወያየትን ኃይል ጨርሶ ያጠፋል ይላል። ፕላቶ ጉድለቱን በራሱ እጅ አጋልጦ ሐሳቡን አልጣለም። ግማሾቹ «ታዲያ ለምን አፈረሰው?» ሲሉ ግማሾቹ «አፍርሶ ያሳየው እንዲጠገን ነው» ይላሉ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹ ያነበቡት ከሦስት የፎቶ ኮፒ ቅጂ ነው፤ ሁለቱን ከኪሴ፣ አንዱን አንድ ወላጅ ከፍለውልናል። ለክበባት የሚሰጠው ወረቀት ለኛ እንዲደርሰን ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅን፤ መልስ አልመጣም። ለቀጣዩ ዓመት ያቀድነው በ«ሪፐብሊክ» ውስጥ የፕላቶን የአልጋ ምሳሌ ነው፤ እግዚአብሔር አንድ የአልጋ መልክ ብቻ እንደሠራ፣ ሁለት ቢሠራ ሦስተኛ ይመጣ እንደነበር የሚለውን። ለ15 ልጆች 15 ቅጂ፣ አንድ ሰሌዳና ከሩቅ ለሚመጡት ልጆች የታክሲ ሒሳብ ያስፈልገናል። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ይህን የምታነቡ፣ ክፍሏ ያችው ናት፤ ማክሰኞ 9፡30።